ፈቃድ

ከዞን መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ የያዘ የሙዚቃ አጥኚ «ፈቃድ አለኝ» ይላል። በእጁ ያለው ግን ወደ ጥናቱ ሥፍራ የመግባት ፈቃድ ነው፤ የሚያዜመው ሰው ፈቃድ ገና አልተጠየቀም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ያልተቀረጸን ክዋኔ ማስቀረጽን የመፍቀድ መብት የሰጠው ለከዋኙ ነው።

በድሬ ሼክ ሁሴን ተጓዦች የሚያዜሙትን ውዳሴ እንውሰድ። አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። አውጪው እሺ ቢልም የተቀባዮቹ ድምፅ አብሮ ይቀረጻል። ስለዚህ መቅረጫው ከመከፈቱ በፊት ዓላማው በአፋን ኦሮሞ ለሁሉም ይነገር፤ መፈረም የማይችል ሰው ስምምነቱን በራሱ ድምፅ በቅጂው መጀመሪያ ላይ ያስቀምጥ። ለጥናት እሺ ያለ ሰው ለዩቲዩብ እሺ አላለም፤ ይህ ራሱን ችሎ መጠየቅ አለበት። ለበረከት የተዜመ ውዳሴ የስልክ ጥሪ ሲሆን ባለቤቶቹን ያሳዝናል፤ አንዴ ከተሰራጨ መሰብሰቢያም የለውም።

ቅጂውን ለከዋኞቹ መመለሱም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማጫወቻ በሌለበት ቤት ሲዲ መስጠት መመለስ አይባልም። በስልክ የሚከፈት ሚሞሪ ካርድ፣ ከከዋኙ ስም፣ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ይሰጥ።

ደብዳቤ የምትጽፉ መሥሪያ ቤቶች፣ ቅጂው ለማን እንደሚመለስ ሳይገለጽ ማኅተም አታሳርፉ።