የቀለበት ፈርጥ አያያዝ፦ ጥፍር፣ ክፈፍና ቦይ

ፈርጥ በቀለበት ላይ በተለያየ መንገድ ይያዛል፤ በብዛት የሚታዩት ሦስት ናቸው። በጥፍር አያያዝ አራት ወይም ስድስት ቀጫጭን የወርቅ ዘንጎች ከታች ተነሥተው ጫፋቸው በፈርጡ ዳር ላይ ይታጠፋል። በክፈፍ አያያዝ የፈርጡ ዙሪያ በስስ የወርቅ ጠርዝ ይታቀፋል። በቦይ አያያዝ ደግሞ ትናንሽ ፈርጦች በሁለት ግድግዳዎች መካከል ጎን ለጎን ይደረደራሉ።

ክፈፍ ጥንታዊ ሲሆን በሮማውያን ቀለበቶች ላይም ይታያል። ጥፍርን አብዛኛውን ጊዜ የኒውዮርኩ ቲፋኒ በ1886 እ.ኤ.አ. እንደ ፈጠረው ተደርጎ ይነገራል። ይሁንና ጥፍር ያላቸው ቀለበቶች በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም ተሠርተዋል፤ ስለዚህ የቲፋኒ ድርሻ አልማዙን በስድስት ጥፍር ከቀለበቱ በላይ ከፍ አድርጎ ማሳየቱና ይህንንም ማስለመዱ ነው ማለት ይሻላል።

ይህ ከፍታ ለፈርጡ ድምቀት ሲሰጥ ጥፍሩን ለአደጋ ያጋልጣል። የጥፍሩ ጫፍ በየቀኑ ከልብስ፣ ከኪስና ከዕቃ ጋር ሲፋተግ ይሳሳል፤ አንዳንዴም ሹራብ ሲጠልፍ ቀና ይላል። ባለ አራት ጥፍር ቀለበት አንዱ ጥፍር ቢሰበርበት ፈርጡ በተከፈተው በኩል ሊሾልክ ይችላል፤ ባለ ስድስቱ ግን በቀሩት አምስቱ አብዛኛውን ጊዜ ይቆያል። ጉዳቱን ቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። የነጠላ ዘርፍ በጥፍሮቹ ላይ ቀስ ብሎ ሲጎተት ክር ከያዘ አንዱ ጥፍር ተነሥቷል ማለት ነው። ቀለበቱ ከጆሮ አጠገብ በጣት መታ መታ ሲደረግ ቀጭን ኳኳታ ከተሰማም ፈርጡ ላልቷል። የተነሣን ጥፍር በጉጠት መልሶ መጫን አይመከርም፤ ደጋግሞ የታጠፈ ወርቅ ይደርቅና ይሰበራል። ወርቅ ሠሪው በሳሳው ጫፍ ላይ አዲስ ወርቅ በብየዳ ይጨምርበታል።

ክፈፍ የሚጠልፍ ጫፍ ስለሌለው በእጃቸው ለሚሠሩ ሰዎች ይስማማል። ጥቅሙ በግልጽ የሚታየው ለስላሳ በሆኑ ፈርጦች ላይ ነው። ከወሎ፣ ደላንታ አካባቢ የሚወጣው ኦፓል በሞስ መለኪያ ጥንካሬው በግምት ከ5.5 እስከ 6.5 ሲሆን በአቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 7 ነው። ክፈፉ የኦፓሉን ዳር ከመሸረፍ ይጠብቃል፤ ጉብ ብሎ የወጣውን አናቱን ግን ከጭረት አያድነውም። የደላንታ ኦፓል በአብዛኛው ውኃ ስለሚመጥ ጀርባው በተደፈነ ክፈፍ ውስጥ ሲረጥብ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ዕቃ ሲታጠብ ቀለበቱን ማውለቅ ያስፈልጋል። ክፈፉ ዳሩን ስለሚሸፍን አሮጌ ስንጥቅንም ሊደብቅ ይችላል፤ ገዢ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ቦይ ልሙጥ ስለሆነ ልብስ አይጠልፍም። ድክመቱ የጋራ ግድግዳው ነው፤ ቀለበቱ በበር ተቀርቅሮ ግድግዳው ቢጎብጥ ብዙ ፈርጦች አብረው ይላላሉ። ዙሪያው ሲሰፋ ወይም ሲጠብም የቦዩ ቅስት ስለሚለወጥ ፈርጦቹ ወይ ይላላሉ ወይ እርስ በርስ ተገፋፍተው ይሸረፋሉ። ሙሉ ዙሪያውን በፈርጥ የተሞላ ቀለበት ደግሞ ተቆርጦ የሚቀጠልበት ባዶ ወርቅ ስለሌለው ሲገዛ ልክ መሆን አለበት።