የተረኛ ድጋፍ ወረፋ፦ አማካዩ ሲያምር ምን ተደብቆ ይሆን?

በባንኮችና በመሳሰሉት ተቋማት የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን በተረኝነት የሚያድር ባለሙያ አለ። ብልሽት ሲያጋጥም ጉዳዩ በሲስተም ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይህ ምዝገባ በሙያው አጠራር «ትኬት» ይባላል። ኃላፊዎች ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ቀድመው የሚያዩት አኃዝ አማካይ የምላሽ ጊዜን ነው። ስህተቱም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ አኃዝ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ባንክ የሌሊት ፈረቃ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው እንበል። በአንድ ሌሊት 20 ትኬቶች ተከፈቱ። 18ቱ እያንዳንዳቸው በ5 ደቂቃ፣ አንዱ ደግሞ በ30 ደቂቃ ምላሽ አገኙ። ሃያኛውን የጥሪ ማዕከሉ ያስመዘገበው ከንጋቱ 11፡40 ላይ ሲሆን፣ አንድ ኤቲኤም የደንበኞችን ሂሳብ እየቀነሰ ገንዘቡን እንደማይከፍል ይገልጻል። ተረኛው ትኬቱን በስሙ ያዘና ሥራውን ሳይጀምር ሰዓቱ ደርሶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጠዋት የወጣው ሪፖርት አማካይ የምላሽ ጊዜው 6 ደቂቃ ከግማሽ እንኳ እንደማይሞላ ያሳያል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ 120 ደቂቃ ለ19 ሲካፈል ይህንኑ ይሰጣል። ሃያኛው ትኬት ግን ገና ምላሽ ስላላገኘ በስሌቱ ውስጥ የለም። የቀን ተረኞችም አላዩትም፤ እነርሱ የሚከታተሉት ባለቤት የሌላቸውን ትኬቶች ሲሆን ይህኛው ግን ባለቤት አለው። ባለቤቱ ምሽት 12 ሰዓት ተመልሶ ሲከፍተው 12 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አልፎታል። አሁን የዚያ ሌሊት አማካይ ወደ 43 ደቂቃ ይወጣል። ጠዋት ላይ ግን ይህን የሚናገር አኃዝ አልነበረም። እንዲያውም የከፋው ጉዳይ ምላሽ እስካላገኘ ድረስ ሪፖርቱ እያማረ ይቆያል።

ስለዚህ ከአማካዩ ጎን ሊቀመጥ የሚገባው ያልተዘጉ ትኬቶች ዕድሜ ነው። ዕድሜውም በሁለት መንገድ ይቆጠራል፤ ትኬቱ ከተከፈተበት ሰዓትና ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ከነካበት ሰዓት። «ሰው» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። ሲስተሙ በራሱ የሚልከው «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል መልእክት እንደ ምላሽ ከተቆጠረ ሁሉም ትኬት በሰከንድ ውስጥ መልስ ያገኘ ይመስላል። በዚህ ቅደም ተከተል ረዥም ዝምታ ያለባቸውን አምስት ትኬቶች በየጠዋቱ ከፍቶ ማንበብ፣ በእኔ ግምት፣ ከባለቀለም ግራፍ ይበልጣል።

አሮጌ ትኬት የሚደበቅባቸው ሁለት የታወቁ ቦታዎችም አሉ። አንደኛው «የደንበኛውን መልስ በመጠበቅ ላይ» የሚለው ምድብ ነው፤ ብዙ ሲስተሞች እዚህ የገባን ትኬት ሰዓት እንዲያቆሙ ተደርገው ይስተካከላሉ። ደንበኛው ምንም ሳይጠየቅ ትኬቱ እዚያ ከተገኘ ሰዓቱ የቆመው ለሪፖርቱ ሲባል ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ትኬቱን ዘግቶ ያንኑ ጉዳይ በአዲስ ቁጥር መክፈት ነው። የአሥር ቀን ችግር በዚህ መንገድ የአንድ ሰዓት ችግር ይሆናል።

ወደ ኤቲኤሙ እንመለስ። እዚያ የተበላሸው ርክክቡ ነው። ይህን ለመያዝ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ፈረቃ ከተቀየረ ከ15 ደቂቃ በኋላ በሥራ ላይ በሌለ ሰው ስም የተያዙ ክፍት ትኬቶችን መቁጠር ይበቃል። ቁጥሩ ዜሮ መሆን አለበት። የርክክብ ማስታወሻው ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተሞከረ፣ ከማን ምን እንደሚጠበቅና ቀጣዩ እርምጃ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገር። «እየታየ ነው» የሚል ማስታወሻ ተረካቢውን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ወጪው ተረኛ «2፡30 ላይ ይደወል» ብሎ ሲጽፍ ከጠዋቱ 2፡30 ማለቱ ይሆናል፤ ሲስተሙ ግን ይህንኑ ሰዓት 08:30 ብሎ ነው የሚያሳየው። ተረካቢው ማስታወሻውን በሲስተሙ አቆጣጠር ካነበበው ከቀትር በኋላ ለመደወል ስድስት ሰዓት ይጠብቃል። ሰርቨሩ የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ያው ሰዓት 05:30 ሆኖ ይታያል። በማስታወሻው ላይ ሁልጊዜ የአዲስ አበባን ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር መጻፍ ይህን ይፈታል።

በሌሊት ስምንት ወይም አሥር ትኬት ብቻ ለሚያስተናግድ ክፍል ግን መቶኛ ማስላቱ እምብዛም አይጠቅምም። አንድ ትኬት ብቻውን ውጤቱን በአሥር ነጥብ ያህል ያናውጠዋል። እዚያ አንድ በአንድ ማንበቡ ይሻላል፤ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።