ከጎረቤት ማዛወር ወይስ ከማዕከል ማዘዝ? የመድኃኒት መጋዘኖች የመቶ ዓመት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1913 ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ አጭር ጽሑፍ በአንድ የሥራ አመራር መጽሔት ላይ አወጣ። የጠየቀው አንድ ፋብሪካ አንድን ዕቃ በአንድ ጊዜ ስንት ቢያመርት እንደሚያዋጣው ነበር። ብዙ ካመረተ መጋዘኑ ይጣበባል፣ ገንዘቡም ዕቃ ሆኖ ይተኛል፤ ጥቂት በጥቂት ካመረተ ደግሞ ማሽኑን በየጊዜው ለሥራ ማሰናዳቱ ወጪ ያበዛበታል። ሃሪስ ሁለቱን ወጪዎች የሚያስታርቅ ቀመር ሠራ፤ የክምችት አያያዝ የተማረ ሰው ሁሉ ዛሬም ከዚያው ቀመር ይጀምራል። ቀመሩ የሚያውቀው ግን አንድ መጋዘን ብቻ ነው። ዕቃው ሲጎድል መልሱ ሁልጊዜ «እዘዝ» ነው። በሌላ ከተማ ያለው ቅርንጫፍ ያንኑ ዕቃ ከሚፈልገው በላይ ይዞ እንደሆነ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም።

ጥያቄው በስፋት የተነሣው ብዙ መጋዘን ያላቸው ተቋማት ሲበዙ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል የመለዋወጫ ዕቃዎቹን በአንድ ማዕከላዊ መጋዘንና በብዙ የጦር ሰፈሮች ያስቀምጥ ነበር። ክሬግ ሸርብሩክ የተባለው የራንድ ኮርፖሬሽን ተመራማሪ በ1968 «ሜትሪክ» የተሰኘውን ዘዴውን ሲያሳትም፣ ውድ የሆነውን መለዋወጫ በማዕከሉና በየሰፈሩ ስንት ስንት ማስቀመጥ እንደሚሻል የሚያሰላ መንገድ አበጀ። ዘዴው በየሰፈሩ ለብቻው ከማስላት እጅግ የተሻለ ነበር። ሆኖም ሒሳቡ እንዲቀልለት አንድ ነገር ትቷል፦ ሰፈሮቹ እርስ በርስ እንደማይበዳደሩ አድርጎ አስቧል። አውሮፕላኑ መሬት ላይ የቆመበት አዛዥ ግን ስልክ አንሥቶ ጎረቤት ሰፈርን ሳይለምን አይቀርም። እንዲህ ያለውን መረዳዳት በሒሳብ ለመያዝ የተደረገ ሙከራም አልጠፋም፤ ክሪሽናን እና ራኦ የተባሉ ሁለት አጥኚዎች በ1965 ስለዚሁ ጽፈው ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ግን የመጋዘኖች ዝውውር ለረጅም ጊዜ የችግር ጊዜ ብልሃት እንጂ የዕቅድ አካል ተደርጎ አልታየም።

በኔ ግምት ይህን አስተሳሰብ በተግባር የሰበረው አውሮፕላን ሳይሆን ደም ነው። በ1970ዎቹ አንድ ከረጢት ደም ከተለገሰ በኋላ ሊሰጥ የሚችለው በ21 ቀን ውስጥ ብቻ ነበር። በኒውዮርክ አጠገብ ባለችው ሎንግ አይላንድ የነበሩ ሆስፒታሎች እያንዳንዳቸው ለድንገተኛ ሕመምተኛ ሲሉ ደም ያከማቻሉ፤ ሲጎድልባቸው ወደ ደም ባንኩ ይደውላሉ። ትንሹ ሆስፒታል ደም ሳይኖረው መዋል አይችልም፤ በ21 ቀን ውስጥ የሚጠቀመው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ደም ጊዜው እያለፈበት ይጣል ነበር። ፕራስታኮስ እና ብሮድሃይም የተባሉ ባለሙያዎች ያቀዱት አሠራር ይህን ገለበጠው። ደም ባንኩ ጥሪ መጠበቁን ትቶ በቋሚ መርሐ ግብር ማድረስ ጀመረ። በትንሹ ሆስፒታል ሳይነካ የሰነበተውን ደም ገና ቀን ሳለው ያነሣና ደም ቶሎ ወደሚያልቅበት ትልቅ ሆስፒታል ያዞረዋል። በ1979 በታተመው ዘገባቸው መሠረት ብክነቱ ከ20 በመቶ ወደ 4 በመቶ ገደማ ወረደ። ዝውውሩ የሚካሄደው ማንም ሳይቸገር፣ ከችግሩ በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 553 የተቋቋመው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ማለት ነው። ባሕር ዳርን፣ ሐዋሳን፣ ጅማን፣ ድሬዳዋንና ነቀምትን በመሳሰሉ ከተሞች ቅርንጫፎች ከፍቶ በዙሪያቸው ያሉትን ጤና ተቋማት ያቀርባል። ባለሙያዎቹ «አይፒኤልኤስ» የሚሉት የተቀናጀ የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት ሲዘረጋ ለእያንዳንዱ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ግልጽ ወሰን ተቀመጠለት። ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ፍጆታ ነው፤ የግማሽ ወር ብቻ ሲቀር አስቸኳይ ትእዛዝ ይላካል። ተቋሙ በየሁለት ወሩ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል። ሥርዓቱ ግን በመሠረቱ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ከማዕከል ወደ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ተቋም። ጎን ለጎን የሚደረገው ዝውውር በስልክና በደብዳቤ ይካሄዳል።

ውሳኔው እንዴት እንደሚወሰን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተበጁ ናቸው። በአንድ ቅርንጫፍ ሥር ሁለት ሆስፒታሎች አሉ እንበል። ትልቁ በወር 400 ብልቃጥ ሴፍትሪአክሶን ይጠቀማል፤ በእጁ ያለው 150 ነው። የአስቸኳይ ትእዛዝ ወሰኑ 200 ስለሆነ ከዚያ በታች ወርዷል፤ ያለው የ11 ቀን ያህል ብቻ ነው። ትንሹ በወር 120 ይጠቀማል፤ በመጋዘኑ ግን 960 ብልቃጥ አለ። ይህ የ8 ወር ፍጆታ ሲሆን መድኃኒቱ ጊዜው የሚያልፍበት ከ5 ወር በኋላ ነው። በአምስት ወር 600 ይጠቀማል፤ 360ው ባለበት ይበላሻል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቅርንጫፉ መድኃኒቱ አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ ማዛወር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን አይወስንም፤ የሚወስነው ስንት እንደሚዛወር ነው። ቅርንጫፉ በቂ ክምችት ኖሮት በሳምንት ውስጥ ማድረስ ቢችልም እንኳ፣ የትንሹ ሆስፒታል ትርፍ መንቀሳቀስ አለበት፤ ካልተንቀሳቀሰ ይጣላልና። ትንሹ የ4 ወር ወሰኑን፣ ማለትም 480ን፣ ይይዛል፤ ቀሪው 480 ለትልቁ ይሄዳል። ትልቁ ይህን ከአንድ ወር ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ስለሚጨርሰው የጊዜ ማለፍ ስጋት የለም። ትልቁ 630 ቢደርሰውም ግን ገና ከዝቅተኛው ወሰን በታች ነው፤ ስለዚህ ከፍተኛው 1,600 እስኪሞላ 970 ከቅርንጫፉ ያዝዛል። ማዛወርና ማዘዝ አብረው ሄዱ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ቅርንጫፉም ባዶ፣ ከውጭ የሚመጣው ጭነትም ገና ወራት የሚቀሩት ነው እንበል። ያን ጊዜ የ4 ወር ወሰን ትርጉም ያጣል፤ መመዘኛው ሁለቱ እኩል ቀን እንዲቆዩ ማድረግ ይሆናል። ድምሩ 1,110 ብልቃጥ፣ የሁለቱ የወር ፍጆታ 520 ነው፤ ለሁለቱም የሁለት ወር ከአራት ቀን ያህል ይደርሳል። ትልቁ 854፣ ትንሹ 256 ይይዛሉ፤ ስለዚህ የሚዛወረው 704 ነው። በየጊዜው እንዲህ እኩል ማድረግ ግን ጥሩ ልማድ አይደለም። ፍጆታ ይዋዥቃል፤ ዛሬ የተወሰደው ነገ ተመልሶ ይፈለጋል፤ መኪናውና ነዳጁ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ይህ ሁሉ ስሌት የሚቆመው በቢን ካርድ ላይ ነው። ዝውውር ደግሞ ከሌላው እንቅስቃሴ ሁሉ ይልቅ መዝገብ የሚያዛባ ነው፤ እንዴት እንደሚያዛባ በዚያው ምሳሌ እንየው። ቅጹ ፍጆታን የሚያሰላው በመነሻው ላይ የገባውን ደምሮ፣ በእጅ ያለውን ቀንሶ፣ ብክነትና ማስተካከያ የሚባለውን አምድ ጨምሮ ወይም ቀንሶ ነው። ከዚያ የሁለት ወሩን ፍጆታ በሁለት አባዝቶ ከፍተኛውን ያገኛል። ትንሹ ሆስፒታል ሁለቱን ወር በ1,200 ጀምሮ 240 ተጠቀመ፣ 480 አዛወረ፣ 480 ቀረው። የተዛወረውን በማስተካከያው አምድ ካልጻፈ ቅጹ 720 እንደተጠቀመ ይቆጥረዋል፤ ከፍተኛው 1,440 ይሆንና 960 ብልቃጥ ይጠይቅለታል። ትርፍ የነበረበት ሆስፒታል ያንኑ ትርፍ እንደገና ይላክለታል። በትክክል ቢሞላ ኖሮ የሚጠይቀው ዜሮ ነበር።

በተቀባዩ ወገን ስሕተቱ ይገለበጣል። ትልቁ በ950 ጀምሮ 800 ተጠቀመ፤ 480 ተረከበና 630 በእጁ አለ። የተረከበውን ካላሰፈረ ቅጹ ፍጆታውን 320 ብቻ ያደርገዋል፤ ከፍተኛው 640 ሆኖ 10 ብልቃጥ ይጠይቃል። የሚያስፈልገው 970 ነበር። ሁለት የተረሱ አምዶች ዝውውሩ ያቀናውን በቀጣዩ ዙር መልሰው ያጣምማሉ። ምልክቱን ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልግም፦ በመጋዘን ሞዴል 22 ሆኖ የወጣው ዕቃ በሌላው ተቋም ሞዴል 19 ሆኖ መግባት አለበት። ሞዴል 22 ኖሮ ሞዴል 19 ከሌለ ዕቃው ወይ መንገድ ላይ ነው፣ ወይ ሳይመዘገብ መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። የአንድ ሆስፒታል ፍጆታ በአንድ ዙር ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ ሕመምተኛ ጨመረ ከማለት በፊት ዝውውር ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ሌላው የሚያሳስት መድኃኒቱ ጠፍቶ የሰነበተበት ጊዜ ነው። ከ60 ቀን ውስጥ 15 ቀን ያልነበረ መድኃኒት የተጠቀመው በ45 ቀን ነው፤ ለ45 ተካፍሎ በ60 ካልተባዛ ተቋሙ ከሚያስፈልገው በታች ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ተቋም በወረቀት ላይ ትርፍ ያለው መስሎ ሊታይና መድኃኒቱን ተቀምቶ ሊያድር ይችላል።

ዳጉን የመሰለ ሶፍትዌር መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የካርዱን ቁጥር ከመጋዘኑ ውጪ ላለ ሰው ያሳያል። የሚያሳየው ግን የተመዘገበውን ነው። ማያ ገጹ 960 ቢልም ከማዛወሩ በፊት መደርደሪያው መቆጠር፣ የባች ቁጥሩና ጊዜው የሚያልፍበት ቀንም በዓይን መታየት አለባቸው። አንድ ተቋም ውስጥ ሁለት ባች ካለ የሚዛወረው የትኛው ነው? ቶሎ ጊዜው የሚያልፈው፣ ተቀባዩ በጊዜው የሚጨርሰው ከሆነ። ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ሳምንት የቀረውን ለጎረቤት መላክ ማባረር እንጂ ማዛወር አይደለም።

የማይዛወርም አለ። ኢንሱሊንና ክትባት ቅዝቃዜያቸው በመንገድ ካልተጠበቀ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ የሚሄዱ አይደሉም። የገንዘቡም ነገር አለ። የኤችአይቪ፣ የቲቢና የወባ ፕሮግራም መድኃኒቶች በነፃ ስለሚመጡ ከተቋም ወደ ተቋም ማሸጋገር ይቀላል። በተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ የተገዛው ግን ሆስፒታሉ ከራሱ ያወጣበት ነው፤ 480 ብልቃጥ ሲሰጥ ሒሳቡ በምን እንደሚተካ ካልተወሰነ፣ የፋርማሲ ኃላፊው ጊዜው እስኪያልፍ ይዞት መቆየቱ አይገርምም። ብዙ ዝውውር የሚቀረው በዚህ ይመስለኛል፤ መረጃ ጠፍቶ ሳይሆን የሰጠው ሰው እንደከሰረ ስለሚቆጠር። ስለዚህ የዞንና የክልል ጤና ቢሮዎች ለዝውውር የሚከፈለውን ዋጋና ለመተካት የሚሰጠውን ጊዜ በጽሑፍ አስቀድመው ቢወስኑ ይበጃል።