ዳግም ድልደላ፦ የተተከለውን ነጥብ መንቀል ስንት ያስከፍላል?

የፍልሚያና የገጸ ባሕርይ ጌሞችን የሚጫወቱ ሰዎች «ሪስፔክ» የሚሉት ነገር አለ። ለገጸ ባሕርይው የተመደቡትን የክህሎት ነጥቦች አንስቶ እንደገና ማከፋፈል ማለት ነው። እዚህ «ዳግም ድልደላ» እለዋለሁ፤ የነጥቡ ብዛት አይነካም፣ ቦታው ብቻ ይቀየራልና። ነጥቦቹ የሚገቡበት ሰሌዳ «የክህሎት ዛፍ»፣ ከክፍፍሉ የሚወጣው የአጨዋወት ስልት ደግሞ «ቅንብር» ይባል።

ነገሩ በደንብ የሚታየው በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣው በዲያብሎ 2 ላይ ነው። አስማተኛዋን እንውሰድ። የእሳት፣ የመብረቅና የበረዶ ሦስት ዛፎች አሏት፤ በእያንዳንዱም 10 ክህሎት አለ። ደረጃ በወጣች ቁጥር አንድ ነጥብ ታገኛለች። የመጨረሻው ደረጃ 99 ስለሆነ ይህ 98 ይሆናል፤ ከተልእኮዎች የሚገኘው 12 ሲታከል 110። አንድ ክህሎት እስከ 20 ነጥብ ይቀበላል። ስለዚህ 30ውንም መሙላት 600 ይፈልጋል፤ የጌሙ ጣዕም ያለው እዚሁ እጥረት ላይ ነው።

በ2003 የወጣው 1.10 የተባለው ማሻሻያ ክህሎቶቹን እርስ በርስ አስተሳሰረ። የእሳት ኳስ (ፋየር ቦል) ጉዳት የሚያድገው በራሱ ነጥብ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በፋየር ቦልትና በሜቴዎር ላይ የሚገባ እያንዳንዱ ነጥብ 14 በመቶ ይጨምርለት ጀመር። ሁለቱ 20፣ 20 ሲሞሉ ጭማሪው 560 በመቶ ይደርሳል። ይህን ያየ ተጫዋች ነጥቡን ሌላ ቦታ መበተን አይወድም። ሒሳቡ ግን ውድ ነው፤ ሦስቱን መሙላት 60 ይበላል፣ ወደ ሜቴዎር የሚያደርሱት ሦስት መሸጋገሪያ ክህሎቶች ደግሞ አንድ አንድ ይወስዳሉ፣ በድምሩ 63።

እስከ መካከለኛው የክብደት እርከን ድረስ ይህች አስማተኛ ከሞላ ጎደል ሁሉን ታቃጥላለች። ሄል በተባለው የመጨረሻ እርከን ግን እሳት ፈጽሞ የማይነካቸው ጭራቆች ይመጣሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ጠላቱ ላይ ጠቋሚውን ሲያሳርፉ እሳት እንደማይነካው ከስሙ ሥር ተጽፎ ይታያል፣ ኳሱም ሲመታው የደም መስመሩ አይንቀሳቀስም። ያኔ ሁለተኛ መሣሪያ ያስፈልጋል። ብዙዎች ፍሮዝን ኦርብ የተባለውን የበረዶ ክህሎት የሚመርጡት በሌሎች ክህሎቶች ድጋፍ ላይ እምብዛም ስለማይደገፍ ነው፤ 20 ለራሱ፣ 5 ለመንገዱ ይበቃዋል። ደረጃ 85 ላይ 96 ነጥብ አለ፤ 63 እና 25 ሲቀነስ 8 ይተርፋል። ይህ ጠባብ ግን የሚሠራ ቅንብር ነው።

ይህን ሄል ከገባ በኋላ የተረዳ ሰው ምን ያደርግ ነበር? እስከ 2010 ድረስ ምንም። ገጸ ባሕርይዋን ትቶ ሌላዋን ከደረጃ 1 መጀመር ብቻ። በዚያ ዓመት የወጣው 1.13 ግን አካራ የምትባለዋ ሴት የመጀመሪያውን ዋሻ ላጸዳላት ተጫዋች ነጥቡን ሁሉ በነፃ እንድትመልስ አደረገ፤ በየክብደት እርከኑ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ሦስት። ከዚያ በላይ የፈለገ ሄል ውስጥ ካሉት አለቆች የሚወድቁ አራት ዓይነት ቅመሞችን ሰብስቦ አንድ ማስፈጸሚያ መሥራት አለበት።

ሌሎች ጌሞች ዋጋውን በሌላ መንገድ ተመኑ። በ2012 የወጣው ዲያብሎ 3 የነጥብ ዛፉን አስወግዶ ክህሎትን እንደ ልብ መቀያየር ፈቀደ። ምቹ ነው፤ ግን ሁለት ተጫዋቾች የሚለያዩት በዋናነት በለበሱት ዕቃ ይሆናል፣ ያንኑ ዓይነት ገጸ ባሕርይ ሁለተኛ ማሳደግም ትርጉም ያጣል። ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል ከ1,000 በላይ ነጥብ መትከያ ያለው ሰፊ ዛፍ ዘርግቶ ለሚነቀል ለእያንዳንዱ ነጥብ ያስከፍላል። አምስት ስሕተት ማረም ቀላል፣ መቶ መንቀል ግን አዲስ ከመጀመር የሚከብድ ይሆናል። ለእኔ ሚዛናዊው ይህኛው ነው።

ዋጋው ለሁሉም እኩል አይከብድም። ሰቆጣ ውስጥ ኔትወርክ በጠፋበት ምሽት ላፕቶፑን የከፈተ ወጣት ፓዝ ኦፍ ኤግዛይልን መጀመር እንኳ አይችልም፤ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ዲያብሎ 2 ግን ብቻውን ይከፈትለታል፣ የአካራ ሦስቱ ዕድሎችም እዚያው አሉ። ሌሎች ተፈትኖ የወጣ ቅንብር ገልብጠው ሲገቡ እሱ የሚማረው ራሱ ሞክሮ ነውና፣ ሦስቱ ለእሱ የበለጠ ዋጋ አላቸው። የመጀመሪያውን ዕድል ኖርማል በተባለው የመጀመሪያ እርከን ላይ ባያጠፋው ይሻላል፤ ያልተጠቀሙበት ዕድል አይሰረዝም፣ የእሳት መከታ ያላቸው ጭራቆች የሚበዙትም ሄል ላይ ነው።