ያልተጻፈው ዕድሜ፦ ስለ አንድ የዶሮ ሽያጭ ውልና ስለ ቃል ፍቺ



ስለ ውል ቃላት ክርክር ታሪክ እንድናገር ስጋበዝ ብዙዎቻችሁ የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ዛሬ ግን እተወዋለሁ። እዚያ የተጋጩት በሁለት ቋንቋዎች የተጻፉ ሁለት ጽሑፎች ናቸው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለት ወገኖች አንዱን ጽሑፍ ፈርመው፣ አንዱን ቃል አንብበው ሲለያዩ ነው። የመረጥሁት ጉዳይ የዶሮ ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1957 ፍሪጋሊመንት የተባለ የስዊዘርላንድ ገዢ ቢ.ኤን.ኤስ. ከተባለ የኒውዮርክ ሻጭ ጋር የቀዘቀዘ የአሜሪካ ዶሮ ለመግዛት ሁለት ውሎች ገባ። ውሎቹ ስለ ዶሮው ብዙ ይናገራሉ፤ ደረጃው «ኤ» መሆኑን፣ በመንግሥት መመርመሩን፣ የሆድ ዕቃው መውጣቱን፣ እያንዳንዱ ለብቻው መጠቅለሉን ይገልጻሉ። ክብደቱም በሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ከ1½ እስከ 2 ፓውንድ፣ ሌላው ከ2½ እስከ 3 ፓውንድ። ዕድሜው ግን አልተጻፈም። ጭነቱ ሲደርስ ከትልልቆቹ ብዙዎቹ ለመቀቀል እንጂ ለመጥበስ የማይሆኑ ያረጁ ዶሮዎች ሆነው ተገኙ። ገዢው ቃሉ ለጋ ዶሮን ብቻ ያመለክታል ሲል ከሰሰ፤ ሻጩ ቃሉ ማንኛውንም ዶሮ ይጨምራል ሲል መለሰ።

እዚህ ላይ የሥነ ፍቺ ምሁር ሦስት ነገሮችን ይለያል። አሻሚ ቃል እንደ «ሳለ» ያለ ነው፤ ቢላዋ የሳለ ሰውና ጉንፋን ይዞት የሳለ ሰው የተለያየ ነገር አድርገዋል። ድንበሩ ያልለየ ቃል ደግሞ እንደ «ለጋ» ያለ ነው፤ ዶሮ በስንተኛው ሳምንት ለጋነቱን እንደሚያጣ ቃሉ አይነግረንም። ጥቅል ቃል እንደ «ዘመድ» ነው፤ አጎትም አክስትም ያቅፋል፣ የትኛው እንደሆነ ግን አይናገርም። የእንግሊዝኛው «ቺክን» ችግር ጥቅልም ጠባብም ፍቺ ያለው መሆኑ ነበር፤ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ይፈቅዳል። ስለዚህ ሥነ ፍቺ ምርጫዎቹን ዘርዝሮ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የፕራግማቲክስ ሥራ ነው። በበዓል ዋዜማ ዶሮ እንዲገዛ ተልኮ ጫጩት ይዞ የተመለሰ ልጅ የቃሉን ድንበር ብዙም አልጣሰም ይባል ይሆናል፤ መልእክቱን ግን ስቷል።

የዳኛ ሄንሪ ፍሬንድሊ ችግር አውዱ ለሁለቱም ወገን መመስከሩ ነበር። ትንንሾቹ በክብደታቸው ለጋ ከመሆን በቀር ሌላ ሊሆኑ አይችሉም፤ ታዲያ በአንድ ውል ውስጥ ያው ቃል ለትልልቆቹ ሲሆን ለምን ይሰፋል? ይህ ለገዢው ነው። በሌላ በኩል ሻጩ የትኛውን ዓይነት እንደሚፈልጉ የገዢውን ወኪል ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ ማንኛውም ዓይነት የሚል ነበር። ዋጋውም ተናገረ፤ ለትልልቆቹ የተስማሙበት በፓውንድ 33 ሳንቲም ሲሆን የለጋ ዶሮ የገበያ ዋጋ ከ35 እስከ 37 ሳንቲም ነበር። ነጋዴ ሊከስር አስቦ ይዋዋላል ብሎ ማመን ይከብዳል። በተጨማሪም «በመንግሥት የተመረመረ» የሚለው ሐረግ ወደ ግብርና መሥሪያ ቤቱ ደንብ ይመራል፤ ደንቡ ደግሞ ያረጀችውንም ዶሮ ከዶሮ ዓይነቶች ይቆጥራል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚስበኝ ዝምታው ነው። ፈላስፋው ፖል ግራይስ እ.ኤ.አ. በ1967 በሃርቫርድ ባቀረበው ትምህርት ተናጋሪ ለጉዳዩ የሚበቃውን ያህል መረጃ እንደሚሰጥ አድማጭ ይገምታል፣ ከተባለው በላይ የሚረዳውም ከዚህ ግምት ተነሥቶ ነው ሲል አስረድቷል። በዚህ ግምት ገዢው፣ ዕድሜው ያልተጻፈው መጻፍ ስለማያስፈልገው ነው ይላል፤ ለሱ ነገሩ የታወቀ ነው። ሻጩም በዚያው ግምት፣ መጠቅለያውን ሳይቀር የጻፈ ሰው ዕድሜ ቢያሳስበው ኖሮ ይጽፈው ነበር ይላል። መርሁ አንድ ነው፣ ዝምታውም አንድ ነው፤ መደምደሚያው ግን ሁለት ሆነ። ልዩነቱ እያንዳንዱ ሌላው ያውቃል ብሎ ከገመተው ይመነጫል፤ ሻጩ ደግሞ ለዶሮ ንግድ አዲስ ነበር።

ፍሬንድሊ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲፈርድ ክርክሩን የቋጨው በማስረዳት ሸክም ነው፦ ጠባቡን ፍቺ የሚጠይቀው ከሳሽ ነው፣ ሊያስረዳ አልቻለም፣ ስለዚህ ተረታ። እዚህ ላይ ቋንቋ አልፈረደም፤ ቋንቋ መልስ ባጣበት ቦታ የሥነ ሥርዓት ሕግ ገባ።

በዚያው ዓመት (በ1952 ዓ.ም.) የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1733 ግልጽ የሆነን ውል ዳኛ እንዳይተረጉም ይከለክላል፤ በቁጥር 1734 ደግሞ አሻሚ ሲሆን ተዋዋዮቹ ከውሉ በፊትና በኋላ ያሳዩትን አኳኋን እንዲመረምር ያዘዋል። በዶሮው ጉዳይ ይህን ቅደም ተከተል ለመከተል መሞከር አስቸጋሪ ነው። ቃሉ ብቻውን ሲነበብ ግልጽ ይመስላል፤ አሻሚነቱ የታየው ቴሌግራሞቹና የገበያው ዋጋ ከቀረቡ በኋላ ነው። በእኔ አስተያየት በቁጥር 1733 በር ላይ የቆመ ዳኛ በቁጥር 1734 ውስጥ ያለውን ሳያይ በሩን መዝጋት የለበትም።

ፍሬንድሊ ራሱም በፍርዱ ሙሉ በሙሉ አልረካም። እ.ኤ.አ. በ1961 በሌላ ጉዳይ በጻፈው የልዩነት ሐሳብ ወደ ዶሮው ውል ተመልሶ፣ ምናልባት ሁለቱ ወገኖች ጭራሽ አንድ ነገር ላይ አልተስማሙም፣ ኪሳራውም በወደቀበት ይቅር ማለት ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ አሰፈረ።