የሻርለማኝ ሁለት ልደት

የፍራንኮች ንጉሥ ታላቁ ሻርለማኝ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 814 በአኸን ቤተ መንግሥቱ እንዳረፈ የሚከራከር የለም፤ የተወለደበትን ዓመት የፈለገ አንባቢ ግን አንዱን መጽሐፍ ቢገልጥ 742፣ ሌላውን ቢገልጥ 748 ያገኛል።

742 የተገኘው በመቀነስ ነው። የንጉሡን ገድል የጻፈው ባለሟሉ አይንሃርድ ጌታው በ72ኛው የዕድሜ ዓመቱ ዐረፈ ስላለ፣ የኋላ ሰዎች ይህን ከ814 ላይ አንሥተው ልደቱን አወጡ። ይኸው አይንሃርድ ግን፣ ስለ ንጉሡ ልደትና ሕፃንነት የተጻፈ ነገር እንደሌለ፣ አውቃለሁ የሚልም ሰው በሕይወት እንዳልቀረ በዚያው መጽሐፍ ይናገራል፤ ከመቃብሩ በላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ሲያስነብበንም በዚያ የምናገኘው የሰባ ዓመት ሰው ነው። ጸሐፊው ጌታውን በቅርብ ማወቁ አያጠራጥርም፤ የሚያውቀው ግን ሽማግሌውን እንጂ ሕፃኑን አልነበረም።

በሌላው ወገን፣ በየዓመቱ አንድ ሁለት መስመር ብቻ የሚያሰፍር፣ ፔታቪያኒ የሚባል ደረቅ ዜና መዋዕል፣ ንጉሡ በ747 ተወለደ ይላል። ቀኑን ደግሞ የሎርሽ ገዳም የቀን መቁጠሪያ ኤፕሪል 2 ብሎ ይሰጠናል። እንግዲህ 748 ከየት መጣ? ኤፕሪል 2 ቀን 747 የትንሣኤ እሑድ ነበር፤ ንጉሥ በበዓለ ትንሣኤ ቢወለድ ኖሮ ይህን የሚያህል ምልክት መነኮሳቱ በዝምታ ያልፉታል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ከዚህም ሌላ፣ ጀርመናዊው የታሪክ ሊቅ ማቲያስ ቤኸር እንዳስረዳው፣ ጸሐፊው ዘመኑን የሚለውጠው በትንሣኤ ከሆነ፣ የ748 ትንሣኤ ኤፕሪል 21 ስለዋለ፣ ኤፕሪል 2 የተወለደው ሕፃን በእርሱ ሒሳብ ገና የ747 ልጅ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በፈረንጅ 2000 በጃንዋሪ የተወለደው ልጅ በእኛ የ1992፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር የተወለደው ደግሞ የ1993 ልጅ ይባላልና።

ሦስተኛው ምስክር አንዲት ጥርስ ናት። የቅዱስ ጀርማን ዐፅም በፓሪስ ሲፈልስ፣ ትንሹ ሻርለማኝ በተቆፈረው ጉድጓድ ዙሪያ ሲጫወት ወድቆ የመጀመሪያ ጥርሱን እንዳጣ፣ ያን ጊዜም የሰባት ዓመት ልጅ እንደነበረ ይተረካል። ቤኸር እንደሚቆጥረው ፍልሰቱ የተፈጸመው በጁላይ 755 ነው፤ በ748 የተወለደ ልጅ በዚያ ወር ልክ ሰባት ዓመት ይሆነዋል፣ በ742 የተወለደ ግን የዐሥራ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነውና የወተት ጥርስ አይጠበቅበትም። ትረካው ዘግይቶ የተጻፈ ስለሆነ ብቻውን ባያስፈርድም፣ ከዜና መዋዕሉ ጋር ሳይመካከር ተስማምቶ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ እኔ የምፈርደው ለኤፕሪል 2 ቀን 748 ነው።