«መዳረሻ» ሳይሆን «የማንበብ ፈቃድ»

አንድ የዕቃ አከፋፋይ ድርጅት የኦፐሬሽን ኃላፊ ለአይቲ ክፍል የጻፉት ደብዳቤ «ጉዳዩ» ከሚለው ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ወደ ደንበኞች ትዕዛዝ ዳታቤዝ የተነባቢ-ብቻ መዳረሻ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ»።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የትኛው ትዕዛዝ መጋዘን እንደቀረ፣ የትኛው መኪና ላይ እንደተጫነ ለማወቅ በየጠዋቱ አይቲ ክፍል እየደወሉ ኤክሴል ማስላክ ሰልችቷቸዋል። ራሳቸው ገብተው ማየት ይፈልጋሉ፤ አንዲት ፊደል የመለወጥ ፍላጎት ግን የላቸውም። ለዚህ ቀላል ነገር «የተነባቢ-ብቻ መዳረሻ» የሚል ሐረግ ማን እንዳቀበላቸው ለመገመት አያስቸግርም። ስልካችን ላይ «የካሜራ መዳረሻ ፍቀድ» እያለ የሚጠይቀን አማርኛ ነው።

በመዳረሻ እንጀምር። ቃሉ ከ«ደረሰ» ቤተሰብ ነው፤ በአፋችንም ሁለት ጥሩ ሥራ አለው። አንዱ የሚደረስበት ቦታ ነው፦ የበረራ መዳረሻ፣ የቱሪስት መዳረሻ። ሌላው ጊዜ ነው፦ የበዓል መዳረሻ፣ የክረምት መዳረሻ። ሁለቱም ጋ አንድ የሚደረስበት ነገር ፊት ለፊት አለ። ኃላፊው የጠየቁት ግን የሚደረስበትን አይደለም። ዳታቤዙ የት እንዳለ ያውቃሉ፤ የጎደላቸው እንዲገቡ የሚፈቅድላቸው ነው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ መዳረሻ የሚባል ነገር ካለ ዳታቤዙ ራሱ ነው፤ «ወደ ዳታቤዙ መዳረሻ ይሰጠን» ማለት «ወደ ባሕር ዳር ባሕር ዳር ይሰጠን» እንደማለት ይሆናል።

«ተነባቢ» ደግሞ ከዚህ የባሰ መዘዝ አለው፤ አማርኛው ስለሚከፋ ሳይሆን ትክክለኛ አማርኛ ስለሆነ ነው። ተነባቢ የሚነበበው ነገር ነው፤ መጽሐፉ እንጂ አንባቢው አይደለም። አንድን ዳታቤዝ በሙሉ ተነባቢ ብቻ ማድረግ ይቻላል፤ በኤስኪውኤል ሰርቨር ለምሳሌ `ALTER DATABASE ... SET READ_ONLY` የሚል ትእዛዝ አለ። ያ ከተፈጸመ በኋላ ማንም አይጽፍበትም፦ ሽያጭ ክፍል አዲስ ትዕዛዝ መመዝገብ አይችልም፣ መጋዘኑም «ወጥቷል» ብሎ ምልክት ማድረግ አይችልም። ኃላፊው የፈለጉት ዳታቤዙ እንደወትሮው እየተጻፈበት እሳቸው ብቻ እንዲያነቡ ነው። የመጀመሪያው የዕቃው ጠባይ ነው፤ ሁለተኛው ለሰው የሚሰጥ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ አማርኛ ግን ተነባቢንና አንባቢን ለይቶ የሚያውቅ ቋንቋ ነውና ይህን ልዩነት በገዛ እጃችን ማጥፋት የለብንም።

«የማየት ፈቃድ» የሚሉ አሉ። ለጆሮ ይጥማል፤ ኃላፊው ራሳቸውም በቃል ሲጠይቁ «ልይ ብቻ» ነበር የሚሉት። እኔ ግን አልቀበለውም። ማየት ከመስኮት ውጭ ቆሞ እንደመመልከት ያለ፣ ምንም የማያስወስድ ነገር ይመስላል። ዳታቤዝ የሚያነብ ሰው ግን ያነበበውን ሁሉ ገልብጦ ሊወስድ ይችላል፤ የደንበኞችን ስም፣ ስልክና አድራሻ ጭምር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ እንዲሁ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። «ማንበብ» የሚለው ቃል የተነበበው ነገር አንባቢው ዘንድ እንደሚቀር አይሸሽግም።

ደግሞም ለዚህ አሳብ ማንበብ የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። በግዕዝ «ነበበ» ተናገረ ማለት ነው፤ «አንበበ» የተጻፈውን አናገረ እንደማለት ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብና ጽሕፈት አንድ ላይ የሚሰጡ ሙያዎች አልነበሩም። ዳዊት አንብቦ የጨረሰ ተማሪ ብራና ላይ ብዕር ላያሳርፍ ይችላል፤ መጻፍ ሌላ ሙያ፣ ሌላ መምህር ነበረው። ማንበብ ያለ መጻፍ ራሱን ችሎ ሊቆም እንደሚችል ያወቅነው ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት ነው።

የቀረው ፈቃድ ነው ወይስ መብት ነው የሚለው ነው። አንዳንድ የአይቲ ባለሙያዎች «የንባብ መብት» ይላሉ። መብት ከባድ ቃል ነው፤ የኔ የሆነ፣ ማንም እንዲያው የማይነጥቀኝ ነገር ነው። ፈቃድ ግን ባለቤቱ ይሰጠዋል፣ ይታደሳል፣ ይሰረዛል። መንጃ ፈቃድንና የንግድ ፈቃድን የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ዳታቤዙም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ `GRANT` ሲል ይሰጣል፣ `REVOKE` ሲል ይነሣል። ኃላፊው ነገ ወደ ሌላ ክፍል ቢዛወሩ ፈቃዳቸው ይነሣል፤ መብታቸው ተነጠቀ የሚል አይኖርም።

ስለ «ብቻ» አንድ ነገር። «የማንበብ-ብቻ ፈቃድ» የሚለው ሰረዝ የእንግሊዝኛው ሰረዝ ነው። በአማርኛ ብቻ የሚከተለው የሚገድበውን ስም ነው፦ «የማንበብ ፈቃድ ብቻ»። ማሽኑ ደግሞ ብቻን ጨርሶ አይፈልጋትም፤ ያልተሰጠ ሁሉ ዱሮውንም የተከለከለ ነውና። በፖስትግሬስ ለኃላፊው የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው፦

```sql
GRANT SELECT (id, status, city, created_at)
ON orders TO ops_read;
```

እዚህ ውስጥ «ብቻ» የሚል ቃል የለም። የስልክ ቁጥር ዓምድ ስላልተጠቀሰ አይነበብም፤ ማሻሻል ስላልተጠቀሰ አይቻልም። ፈቃዱ በትክክል መገደቡን ለማወቅ በዚያው መለያ ገብቶ አንድ ትዕዛዝ ለመለወጥ መሞከር ነው፤ `permission denied for table orders` ካለ ተሳክቷል። በዓምድ የተገደበ ፈቃድ አንድ የሚያሳስት ጠባይ አለው፦ ኃላፊው `SELECT *` ብለው ሁሉንም ዓምድ ከጠየቁ ያው የክልከላ መልእክት ይመጣባቸዋል፣ ፈቃዱ ያልተሰጣቸውም ይመስላቸዋል። የተፈቀዱትን ዓምዶች በስም ቢጠሩ ግን ይነበብላቸዋል።

እንግዲህ ደብዳቤው እንዲህ ቢጻፍ ይበቃ ነበር፦ «የደንበኞች ትዕዛዝ ከተመዘገበበት የመረጃ ቋት ውስጥ የትዕዛዝ ቁጥር፣ ያለበትን ደረጃ፣ ከተማና የተመዘገበበትን ቀን የማንበብ ፈቃድ ብቻ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ለሥራዬ የደንበኛ ስልክም ስምም አያስፈልገኝም። ፈቃዱ በዚህ ኃላፊነት እስካለሁ የሚጸና ይሁን።» ዳታቤዝን የመረጃ ቋት ማለቴን ልብ ይሏል፤ ቋት ከወፍጮ የሚወርደው ዱቄት የሚጠራቀምበት ነው፤ ከተሳኩልን ጥቂት ስያሜዎች አንዱ ነውና እንጠቀምበት። ከባድ ጥያቄ ዋናውን ቋት እንዳያዘገይ ንባቡ ከቅጂው ላይ ይሁን የሚለውን ግን ለአይቲ ክፍል መተው ነው፤ እሱ የሙያቸው ጉዳይ ነው።

የመሥሪያ ቤት ቅጾችና መተግበሪያዎች የምትተረጉሙ ወገኖች፣ ለሰው በሚሰጠው ቦታ «የማንበብ ፈቃድ»፣ «የመጻፍ ፈቃድ»፣ «የመሰረዝ ፈቃድ» በሉ፤ «ተነባቢ»ን ለፋይሉና ለቋቱ አስቀሩት። መዳረሻን የሚያስገባ ቦታ ያገኘ ካለ ምሳሌውን ይጻፍልኝ፤ እኔ እስካሁን አላገኘሁም።